የዋጋ ንረትን ያገናዘበ ወርኃዊ ተቀማጭ አወሳሰን፦ በኩልፎ ወንዝ ዳር ለውኃ መሳቢያ ሞተር የሚቆጥብ አምራች ስሌት

መግቢያ

በአርባ ምንጭ ዙሪያ የኩልፎንና የሐሬን ወንዞች ተከትለው የሚገኙት የሙዝ ማሳዎች ለቆጣቢ ቤተሰብ አንድ ምቹ ጠባይ አላቸው። ሙዝ እንደ ጤፍ ወይም እንደ በቆሎ በዓመት አንዴ ተሰብስቦ የሚያልቅ ምርት አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ይቆረጣል፤ ገንዘቡም በየጊዜው ይገባል። በመሆኑም «በየወሩ ይህን ያህል አስቀምጣለሁ» የሚል ዕቅድ ለሙዝ አምራች የሚቻል ዕቅድ ነው። የሚያስቸግረው ስንት ማስቀመጥ እንደሚገባ መወሰኑ ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመረምረው አንድ የተወሰነ ጥያቄ ነው፦ ዋጋው እየጨመረ የሚሄድን ዕቃ በተወሰነ ወር ብዛት ውስጥ ለመግዛት የሚያስፈልገው ወርኃዊ ተቀማጭ እንዴት ይወሰናል? ለማስረጃነት የተወሰደው ከወንዝ ውኃ የሚስብ አነስተኛ ሞተርና ተጓዳኝ ቱቦውን ለመግዛት በ24 ወር ውስጥ ለመድረስ ያቀደ አንድ አምራች ነው። የሞተሩና የቱቦው የዛሬ ዋጋ 60,000 ብር፣ ዓመታዊ የዋጋ ዕድገቱ ደግሞ 20 በመቶ ተደርጎ ተወስዷል። ሁለቱም ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የተመረጡ እንጂ የገበያ ጥናት ውጤቶች አይደሉም። አንባቢ የራሱን ቁጥር በቦታቸው ተክቶ ስሌቱን መድገም ይችላል።

የወለዱን መጠን በተመለከተ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የቁጠባ ዝቅተኛውን ወለድ 7 በመቶ ማድረጉ መነሻ ሆኗል። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከቁጠባ ወለድ ላይ እንዲቀነስ የተደነገገው 5 በመቶ ሲወጣለት ለቆጣቢው የሚደርሰው 6.65 በመቶ ይሆናል። ወለዱ በየወሩ እንደሚታሰብና ተቀማጩ በየወሩ መጨረሻ እንደሚገባ ተወስዷል። ወለድ የማይቀበል ቆጣቢ በስሌቱ ውስጥ ዜሮ ያስገባል፤ ውጤቱ ግን ብዙዎች ከሚገምቱት ያነሰ ልዩነት እንዳለው ከታች ይታያል።

ዒላማው የዛሬ ዋጋ አይደለም

በልማድ የሚሠራው ስሌት 60,000 ብርን ለ24 ማካፈል ነው፤ ውጤቱም በወር 2,500 ብር ነው። ይህን ያህል ሳያቋርጥ ያስቀመጠ አምራች በ24ኛው ወር መጨረሻ ከነወለዱ 63,984 ብር ይኖረዋል። ከመነሻው ዕቅድ አንጻር ተሳክቶለታል ሊባል ይችላል። ነገር ግን ዋጋው በዓመት 20 በመቶ እየጨመረ ሁለት ዓመት ሲሞላው 86,400 ብር ደርሷል። አምራቹ አንዲት ወር ሳይዘል ቆጥቦ 22,416 ብር ይጎድለዋል።

ተመሳሳይ ክፍተት በሀገር ደረጃ የታየበት አጋጣሚ አለ። በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ምዝገባ የተደረገበት የ40/60 የቤት ፕሮግራም ተመዝጋቢዎች የቤቱን ዋጋ 40 በመቶ በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲቆጥቡ የሚጠይቅ ነበር። ወርኃዊ መጠኑ የተሰላው በምዝገባው ጊዜ በተገመተው ዋጋ ላይ ሲሆን ቤቶቹ ለዕጣ ሲቀርቡ ግን የካሬ ሜትር ዋጋቸው ተሻሽሎ ነበር። ግዴታውን በወቅቱ የተወጣ ቆጣቢም ቢሆን የቆጠበው ገንዘብ በአዲሱ ዋጋ የሚሸፍነው ድርሻ መጀመሪያ ከታሰበው አንሶ አገኘው።

ትክክለኛው መነሻ የዕቃው ዋጋ በመጨረሻው ወር የሚደርስበት መጠን ነው። የዛሬውን ዋጋ P፣ ወርኃዊ የዋጋ ዕድገቱን g፣ ወርኃዊ ወለዱን i፣ ቀሪ ወራቱን n፣ እስካሁን የተጠራቀመውን B ብንል፣ በየወሩ የሚቀመጠው እኩል መጠን D የሚከተለው ነው፦

```
D = [ P(1+g)^n − B(1+i)^n ] · i / [ (1+i)^n − 1 ]
```

በኮምፒውተር የስሌት ሰንጠረዥ የሚሠራ ሰው ይህንኑ በአንድ መስመር ያገኛል፦

```
=-PMT(0.0665/12, 24, 0, 60000*1.2^2)
```

መልሱ 3,376 ብር ነው። ያለ ወለድ ቢሰላ 3,600 ብር ይሆናል። ማለትም ወለድ መኖሩና አለመኖሩ በወር የሚያመጣው ልዩነት 224 ብር ብቻ ነው። የዋጋ ዕድገቱ ግምት ግን ውጤቱን ከዚህ እጅግ አብልጦ ይለውጠዋል፦ በ20 በመቶ ፈንታ 10 በመቶ ቢወሰድ ተቀማጩ 2,837 ብር፣ 30 በመቶ ቢወሰድ 3,962 ብር ይሆናል። ከዚህ የምንረዳው ቆጣቢው የትኛው ባንክ ግማሽ በመቶ እንደሚጨምርለት ከማፈላለግ ይልቅ የሚፈልገውን ዕቃ ዋጋ በመከታተል ላይ ጊዜውን ቢያጠፋ የተሻለ መሆኑን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ማንሳት ያስፈልጋል፤ እኔም በመጀመሪያው ረቂቄ ፈጽሜዋለሁ። የዓመቱን 20 በመቶ ለ12 አካፍሎ 1.667 በመቶን እንደ ወርኃዊ ዕድገት መውሰድ አይገባም። በየወሩ 1.667 በመቶ የሚጨምር ዋጋ በዓመቱ መጨረሻ 21.9 በመቶ ጨምሮ ይገኛል። ዓመታዊ 20 በመቶ የሚሰጠው ወርኃዊ ዕድገት 1.531 በመቶ ነው፤ ይኸውም የ1.2 አሥራ ሁለተኛ ሥር ሲወጣና 1 ሲቀነስለት የሚገኘው ነው።

በየወሩ ማሻሻል ብቻውን አይበቃም

የዋጋውን ጭማሪ አስቀድሞ መገመት የማይወድ ቆጣቢ ሌላ ዘዴ ይመርጣል፦ በየወሩ የዕቃውን የወቅቱን ዋጋ ይጠይቃል፤ የተጠራቀመውን ይቀንሳል፤ የቀረውን ለቀሪዎቹ ወራት ያካፍላል። ዘዴው ጠንቃቃ ይመስላል፤ ግምትም አይጠይቅም። ከዚህም በላይ ሁልጊዜ ግቡን ይመታል፤ ምክንያቱም በመጨረሻው ወር የጎደለው ሁሉ ይከፈላል። ችግሩ የሚታየው እያንዳንዱ ወር የሚጠይቀው መጠን ሲሰላ ነው።

በእኛ ምሳሌ በመጀመሪያው ወር የሚጠየቀው 2,538 ብር ነው። በ12ኛው ወር 3,116 ብር ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ከ3,376 ብር በታች በመሆኑ ቆጣቢው የተሻለ መንገድ የያዘ ይመስለዋል። በ18ኛው ወር 3,707፣ በ22ኛው 4,547፣ በ23ኛው 4,981፣ በመጨረሻው በ24ኛው ወር ደግሞ 5,840 ብር ይጠየቃል። የመጨረሻው ተቀማጭ ከመጀመሪያው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ብቻ የታየው ጭማሪም በመጀመሪያዎቹ አሥራ ሰባት ወራት ከታየው ይበልጣል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በማንኛውም ወር የሚደርስ የዋጋ ጭማሪ የሚሸፈነው ከዚያ ወዲያ ባሉት ተቀማጮች ብቻ ነው። በመጀመሪያው ወር የጨመረው 900 ብር ገደማ ለሃያ አራቱም ተቀማጮች ይከፋፈላል፤ ለእያንዳንዳቸውም ወደ 40 ብር አካባቢ ይደርሳቸዋል። በመጨረሻው ወር የጨመረው 1,300 ብር ገደማ ግን ሙሉ በሙሉ በአንድ ተቀማጭ ላይ ይወድቃል። ጭማሪው ባይገመትም መምጣቱ አይቀርምና ዘዴው የወደፊቱን ሸክም ሁሉ ወደ መጨረሻው እየገፋ ያጠራቅማል። ይህ በኑሮ ላይ ያለው ትርጉም ከባድ ነው፤ ለሁለት ዓመት ሲቆጥብ የቆየ ቤተሰብ ዕቅዱን የሚያቋርጠው አብዛኛው ገንዘብ ከተጠራቀመ በኋላ፣ ለመግዛት ሁለትና ሦስት ወር ሲቀረው ይሆናል ማለት ነው።

ገቢው ከዋጋው ጋር አብሮ የሚያድግ ሰው መካከለኛ መንገድ አለው። ተቀማጩ ራሱ በየወሩ በ1.531 በመቶ እንዲያድግ ካደረገ በ2,830 ብር ጀምሮ በ4,014 ብር ይጨርሳል። የሙዝ ዋጋ ከአጠቃላይ ዋጋ ጋር አብሮ ከፍ የሚል ከሆነ ይህ ለአምራቹ ተስማሚ ነው። ለደመወዝተኛ ግን አይመችም፤ ደመወዝ ለረጅም ጊዜ ባለበት ቆይቶ አንድ ቀን ይስተካከላል እንጂ በየወሩ አያድግምና።

ግምቱ ሲሳሳት

20 በመቶ የሚለው ግምት እንደማይጸና እርግጠኛ መሆን ይቻላል። በ2014 ዓ.ም. የሀገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ረግቧል። ከዚህም በላይ የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣው አጠቃላይ የዋጋ ኢንዴክስ ምግብን ጨምሮ ብዙ ዕቃዎችን የሚያጠቃልል በመሆኑ ስለ አንድ ከውጭ የሚገባ ሞተር የሚነግረን ጥቂት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። እንዲህ ያለው ለውጥ ከውጭ በሚገባ ሞተርና በአካባቢው በሚመረት እህል ላይ እኩል ጫና አያሳድርም። ስለዚህ ቆጣቢው መመዝገብ ያለበት የራሱን ዕቃ ዋጋ ነው፤ ለምሳሌ በሲቀላ ካሉ ሁለት ወይም ሦስት ሱቆች የአንዱን ሞዴል ዋጋ በየሦስት ወሩ ጠይቆ በደብተር ማስፈር ይበቃል።

ምሳሌያችንን እንቀጥል። አምራቹ ለ12 ወር 3,376 ብር ሲያስቀምጥ ቆይቶ 41,768 ብር ጠራቅሟል። በዕቅዱ መሠረት የሞተሩና የቱቦው ዋጋ በዚህ ጊዜ 72,000 ብር መሆን ነበረበት፤ ሱቁ ግን 81,000 ብር አለው። ከቀሪዎቹ 12 ወራት ጋር ቀመሩን ይደግማል፦

```
=-PMT(0.0665/12, 12, -41768, 81000*1.2)
```

መልሱ 4,249 ብር ነው። የ9,000 ብር ልዩነት ወርኃዊ ተቀማጩን በ873 ብር አሳድጎታል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው በዚህ ማሻሻያ የገባው የአሁኑ 81,000 ብር ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ከዚህ ወዲያ የሚመጣው የአንድ ዓመት ጭማሪም አብሮ ገብቷል። ከላይ ካየነው ዘዴ የሚለየው በዚህ ነው። አዲስ ድንገተኛ ለውጥ ካልመጣ በቀር 4,249 ብር እስከ መጨረሻው ባለበት ይቆያል።

አምራቹ 4,249 ብር ባይችልና በ3,376 ብር ቢቀጥልስ? በዚያ መጠን የተጠራቀመው ገንዘብ ከዋጋው ጋር የሚገናኘው ከ12 ወር በኋላ ሳይሆን ከ17 ወር በኋላ ነው፤ ዋጋውም ያኔ 105,000 ብር ገደማ ይደርሳል። አምስት ወር መዘግየት ለአንዳንዱ የሚቻል ነው፤ በበጋ ውኃ ለመሳብ የሚያስብ ሰው ግን አንድ የመስኖ ወቅት ያመልጠዋል። ውሳኔው የቆጣቢው ነው፤ ቀመሩ ግን ምርጫው በ873 ብርና በአምስት ወር መካከል መሆኑን አስቀድሞ ይነግረዋል።

የማይደረስበት ተቀማጭ

ይህ ጊዜን የማራዘም መፍትሔ ወሰን አለው፤ ለእኔ ከስሌቱ ሁሉ ያልጠበቅሁት ውጤትም ይኸው ነው። ዋጋው ከወለዱ በላይ እስካደገ ድረስ በወር ከ2,016 ብር በታች በእኩል መጠን የሚያስቀምጥ ሰው የቱንም ያህል ቢታገሥ 60,000 ብር የነበረውን ዕቃ አይደርስበትም።

በወር 2,000 ብር የሚያስቀምጥ አምራች እንውሰድ። በዛሬ ዋጋ ሲታሰብ 30 ወር ይበቃዋል። በ30ኛው ወር ግን ዋጋው ወደ 94,600 ብር ገደማ ሲሆን እርሱ ያለው 65,000 ብር ገደማ ነው። መቆጠቡን ይቀጥላል፤ ክፍተቱም እየጠበበ ይሄዳል። በ81ኛው ወር፣ ማለትም ሰባት ዓመት ሊሞላው ሦስት ወር ሲቀረው፣ ክፍተቱ ወደ 1,640 ብር ብቻ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ግን እንደገና መስፋት ይጀምራል፤ የዋጋው ወርኃዊ ጭማሪ ከተቀማጩና ከወለዱ ድምር በልጧልና። እርግጥ ነው፣ ለሰባት ዓመት ሙሉ 20 በመቶ የሚቆይ የዋጋ ዕድገት ግምት እንጂ ትንበያ አይደለም። ሆኖም ውጤቱ «ትንሽም ቢሆን ጊዜ ከወሰደ ይደርሳል» የሚለው የተለመደ ምክር ዋጋ በሚንርበት ሁኔታ ውስጥ ሁልጊዜ እውነት አለመሆኑን ያሳያል።

ይህን አስቀድሞ ማወቅ የሚቻልበት ቀላል መለኪያ አለ። ቆጣቢው በየሦስት ወሩ ዋጋውን ሲመዘግብ ከጎኑ በዋጋውና ባጠራቀመው መካከል ያለውን ክፍተት በብር ይጻፍ። ክፍተቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት እየሰፋ ከሄደ ዕቅዱ አይደርስም፤ በምሳሌያችን በወር ከ919 ብር በታች የሚያስቀምጥ ሰው ይህን ከመጀመሪያው ወር ያያል። ክፍተቱ ቢጠብም የመጥበቡ ፍጥነት ከወር ወር እየቀነሰ ከሄደ ደግሞ ጉዳዩ ከላይ እንዳየነው የ2,000 ብር ቆጣቢ ሊሆን ይችላልና ስሌቱ እንደገና መሠራት አለበት። የባንክ ደብተር ላይ የሚታየው ቁጥር ግን በሁሉም ሁኔታ ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ በመሆኑ ይህን አይናገርም።

ዕቃው ሲከፈል

ከወሰኑ በታች ላለ ቆጣቢም ሆነ ተቀማጩን ለማቅለል ለሚፈልግ አንድ መንገድ የሚከፈተው የሚገዛው ዕቃ ተከፋፍሎ ሊገዛ የሚችል ከሆነ ነው። ከ60,000 ብሩ ውስጥ 15,000 ብሩ የቱቦ ዋጋ ነው እንበል። በወር 3,376 ብር የሚያስቀምጥ አምራች በአምስተኛው ወር 17,067 ብር ይኖረዋል፤ ቱቦው ያኔ 16,184 ብር ገብቷል። ቱቦውን ገዝቶ 883 ብር ይዞ ይቀጥላል። ከዚህ በኋላ የሚቆጥበው ለሞተሩ ብቻ ነው፤ በ24ኛው ወር የሚያስፈልገው 64,800 ብር ሲሆን በቀሪዎቹ 19 ወራት ተቀማጩ ወደ 3,194 ብር ዝቅ ይላል። በጠቅላላው ወደ 3,400 ብር ያህል ተርፎለታል። ትርፉ የመጣው 6.65 በመቶ ከሚያፈራ ገንዘብ ወደ 20 በመቶ ዋጋው ወደሚያድግ ዕቃ በመዛወሩ ነው። ከተማ ላይ ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው ገንዘብ ከማጠራቀም ይልቅ ቆርቆሮና ብሎኬት ቀስ በቀስ የሚገዛበት ምክንያት በዚሁ ሊገለጽ ይችላል።

ትርፉ ግን የማከማቻ ወጪን አልቀነሰም። ላስቲክ ቱቦ ለአሥራ ዘጠኝ ወር በፀሐይ ላይ ቢቀመጥ ይሰነጠቃል፤ ያልገጠመበት ሞተር ዲያሜትርም ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ከቱቦው በፊት የሞተሩ ሞዴል መመረጥና የመውጫው ስፋት መለካት አለበት። 3,400 ብሩ አንድ ቱቦ ተበላሽቶ ሌላ ለመግዛት አይበቃም፤ በ24ኛው ወር የዚሁ ቱቦ ዋጋ 21,600 ብር ነው።